ከፍቺ በኋላ ቤቱ ውስጥ ማን ይቆያል? ለምን ያህል ጊዜ? የዒዳው ቤትና የፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ



ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን ሆናችሁ?» ብለው ነው። ነገሩ አልታረቅ ብሎ «ጦላቅ» የሚለው ቃል ከወጣ ግን ጥያቄው ወዲያው ይቀየራል፤ «ከቤቱ ማን ይውጣ?» ይሆናል። ብዙ ጊዜ መልሱ ሳይጠየቅ የተሰጠ ነው። ሴቲቱ ልጆቿን ይዛ፣ ልብሷን በፌስታል አድርጋ ወደ እናቷ ወይም ወደ እህቷ ቤት ትሄዳለች። ከዚያ ሁለት ወርና ሦስት ወር ይቆጠራል፤ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ይገባል፤ «ራሷ ናት ጥላ የወጣችው» የሚል ወሬም ይከተላል።

የቤት ኪራይ እንዲህ በናረበት ከተማ፣ ከቤት የወጣው ወገን በብዙ ሁኔታ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ ጥያቄውን በወጉ ማየት ያስፈልጋል። ለአንድ ሙስሊም ቤተሰብ ጉዳዩን የሚመለከቱ ሁለት ሚዛኖች አሉ፤ አንዱ ሸሪዓው ያስቀመጠው የዒዳ መኖሪያ (ሱክና) ሲሆን ሌላው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ነው። ሁለቱ የሚገናኙበትም የሚለያዩበትም ቦታ አለ።

ዒዳው የሚቆጠረው ቤት ውስጥ ነው

የሱረቱ ጦላቅ የመጀመሪያው አንቀጽ ባሎችን የሚያዘው ግልጽ ነው። የተፈታችውን ሴት ዒዳዋ እስኪያልቅ ከቤቷ አታስወጡ ይላል። እርሷም በበኩሏ እንዳትወጣ ያዛል። ልዩ ሁኔታ አድርጎ የሚያነሳው ግልጽ የሆነ ጸያፍ ድርጊትን ብቻ ነው። ዑለማኦች እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውላሉ፤ አንቀጹ ቤቱን የሚጠራው «ቤቶቻቸው» ብሎ፣ ወደ ሴቶቹ አስጠግቶ ነው። ቤቱ በባል ገንዘብ የተገዛ ቢሆንም በዒዳው ጊዜ የመኖር መብቱ የእርሷ ነው ማለት ነው። በዚያው ሱራ ስድስተኛው አንቀጽ ደግሞ ባል በአቅሙ ልክ፣ እርሱ በሚኖርበት እንዲያኖራትና ሕይወቷን በማጥበብ እንዳይጎዳት ያዛል።

ጊዜው ስንት ነው? የወር አበባ የምታይ ሴት ሦስት ቁሩእ ትቆጥራለች። በሻፊዒዮች ዘንድ ቁርእ የንጽህና ጊዜ ነው፤ በሐነፊዮች ዘንድ የወር አበባው ራሱ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መዝሀቦች መካከል ጥቂት ቀናት ይለያያሉ። የወር አበባ የማታይ ሴት ሦስት ወር ትቆጥራለች። ነፍሰ ጡር ከሆነች ዒዳዋ የሚያልቀው በመውለዷ ነው። ኒካሕ ታስሮ ሳይገናኙ የተፋቱ ከሆነ ዒዳ የለም።

ትእዛዙ ምክንያት አለው። አንደኛ ወይም ሁለተኛ ጦላቅ (ረጅዒ) ከሆነ ሴቲቱ በዒዳው ውስጥ አሁንም ሚስት ናት፤ ባል ያለ አዲስ ኒካሕና ያለ አዲስ መህር ሊመልሳት ይችላል። በአንድ ጣራ ሥር ያሉ ሰዎች ለመመለስ ቅርብ ናቸው። ወደ እናቷ ቤት የሄደች ሴት ግን ለመታረቅ የዘመድ መልእክተኛ ያስፈልጋታል፤ መልእክተኛው ደግሞ አንዳንዴ ነገር ጨምሮ ይመጣል። ስለዚህ «ፈትቻታለሁና ትውጣልኝ» ያለ ባል የሚያፈርሰው የመኖሪያ መብቷን ብቻ አይደለም፤ ሸሪዓው የሰጠውን የመመለሻ መንገድም በገዛ እጁ ይዘጋል።

ሦስተኛው ጦላቅ ሲሆን ክርክሩ ይመጣል

የመጨረሻው ጦላቅ (ባኢን) ሲሆን ጉዳዩ ይለወጣል፤ ሴቲቱ ለባሏ ባዕድ ሆናለች። እዚህ ላይ መዝሀቦቹ ይለያያሉ። ሐነፊዮች መኖሪያም ቀለብም (ነፈቃ) ይገባታል ይላሉ። ሻፊዒዮችና ማሊኪዮች መኖሪያ ይገባታል፣ ቀለብ ግን ነፍሰ ጡር ካልሆነች አይገባትም ይላሉ። በሐንበሊዮች ዘንድ ታዋቂው አቋም ነፍሰ ጡር ካልሆነች ሁለቱም እንደሌላት ነው።

የልዩነቱ መነሻ የፋጢማ ቢንት ቀይስ ሐዲሥ ነው። ባሏ የመጨረሻውን ጦላቅ ፈትቷት ጉዳዩ ወደ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ሲቀርብ ቀለብና መኖሪያ እንዳልተወሰነላት፣ ዒዳዋንም ዐይነ ስውሩ ኢብኑ ኡሚ መክቱም ዘንድ እንድትቆጥር እንደታዘዘች ራሷ አስተላልፋለች። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ግን በዚህ ዘገባ ምክንያት የቁርኣኑን የመኖሪያ ትእዛዝ አልተውም ብለዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ደግሞ ፋጢማ የነበረችበት ቤት ጭር ያለና የሚያሰጋ ስለነበር የተፈቀደላት ለዚያ መሆኑን አብራርተዋል።

የዓኢሻ ማብራሪያ ለዛሬም ትልቅ ጥቅም አለው። ሴት በዒዳዋ ከቤት አትውጣ የሚለው ሕግ ለእርሷ ጥበቃ እንጂ እስር ቤት አይደለም። ቤቱ ውስጥ ዱላ ካለ፣ ለሕይወቷ የሚያሰጋት ነገር ካለ መውጣት ይፈቀድላታል፤ ይህን በማድረጓም መብቷን እንደጣለች አይቆጠርም። «ዒዳሽን ጠብቂ» ብሎ የምትደበደብን ሴት ወደዚያው ቤት የሚመልስ ሽማግሌ የአንቀጹን ግማሽ ብቻ ነው ያነበበው።

ከባኢን በኋላ አብሮ መኖርን በተመለከተ ፉቀሃእ የሚያነሱት ቁም ነገር ብቸኝነት (ኸልዋ) ነው። ክፍሉ አንድ ከሆነ ወንዱ መውጣት አለበት። ቤቱ ሰፊ ሆኖ ለየብቻ መግቢያ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ካለው በአንድ ግቢ መቆየት ይቻላል። በእኛ ሰፈር «እኔ ሰርቪስ ቤት እገባለሁ» የሚለው መፍትሔ የተለመደ ነው። ሰርቪሱ የራሱ በር ቢኖረውም መጸዳጃው የጋራ ከሆነ ግን፣ ለረጅዒ ጦላቅ የሚበቃው ነገር ለባኢን አይበቃም።

የቤተሰብ ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው

አዋጅ 213/1992 «ዒዳ» የሚል ነገር አያውቅም። አንቀጽ 82 ግን የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ባልና ሚስቱ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ስለ ንብረት አስተዳደር ወዲያው ተገቢውን ትዕዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ከሁለቱ አንዱ ከጋራ መኖሪያው መውጣት ካለበት ደግሞ ዳኛው ሁለት ነገር ያያል፤ የልጆቹን ጥቅምና ከቤቱ ቢወጣ ይበልጥ የሚጎዳው የትኛው ወገን እንደሆነ። ካርታው በማን ስም ነው የሚለው በዚህ ደረጃ ዋናው ጥያቄ አይደለም።

እዚህ ላይ የሁለቱ ሕጎች አቆጣጠር ይቀራረባል። ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹ ነገሩን ደግመው እንዲያስቡ ከሦስት ወር የማይበልጥ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። የዒዳው ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ነው። ሁለቱም ለመመለስ ዕድል ይሰጣሉ። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው። የዒዳው ሰዓት ቁሩኡ ሲያልቅ ይቆማል። የፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ግን ፍርድ ቤቱ ራሱ ካልለወጠው የፍቺው ጉዳይና የንብረት ክፍፍሉ እስኪቋጭ ሊቀጥል ይችላል፤ ይህም ከዒዳው እጅግ ሊረዝም ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በሕጉ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው፤ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሌ ነው የሚለው ወገን ካላስረዳ በስተቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ የተወረሰ ወይም በስጦታ የተገኘ ቤት የግል ነው። ሆኖም ከግል ቤት የሚገኝ ኪራይ እንኳ በጋብቻው ጊዜ የጋራ ገቢ ነው። የጋራ ንብረት እኩል ይካፈላል። ቤቱ ለሁለት የማይከፈል ከሆነና አንዱ ለሌላው ግምቱን ከፍሎ ለማስቀረት ካልተስማሙ፣ ተሸጦ ገንዘቡ ይካፈላል።

አንድ ቤት እንውሰድ

ነገሩ እንዲጨበጥ ለምሳሌ ያህል 18 ማዞሪያ አካባቢ ያለ አንድ ግቢ እናስብ። ቦታው ከኒካሕ በኋላ የተገዛ ነው፤ ካርታው በባል ስም ነው። ዋናው ቤት ሦስት ክፍል አለው፤ ከጓሮ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች እያንዳንዳቸው በ4,000 ብር ተከራይተዋል። ልጆቹ 9 እና 4 ዓመታቸው ነው። ባል መስከረም 10 ቀን፣ ሚስት ከወር አበባ በጸዳች ማግስት፣ አንደኛ ጦላቅ ፈታ እንበል።

የወር አበባዋ በ28 ቀን የሚመጣ ከሆነና ቀጣዩ ጥቅምት 1 ላይ ከታየ፣ ሁለተኛው ጥቅምት 29፣ ሦስተኛው ኅዳር 27 ይጀምራል። በሻፊዒዮች ስሌት ዒዳዋ ኅዳር 27 ያልቃል፤ በሐነፊዮች ስሌት ደግሞ ሦስተኛው ሲያበቃ፣ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ። እስከዚያ ድረስ ባል ከዋናው ቤት ሊያስወጣት አይችልም፤ ቀለቧም በእርሱ ላይ ነው። «ሰርቪስ ግቢ» ብሎ ወደማይመጥናት ክፍል ማውረድም የተከለከለው ማጥበብ ውስጥ ይገባል።

ታኅሣሥ ላይ ባል ሳይመልሳት ዒዳው ካለቀ፣ በፊቅሁ የሚስትነት የመኖሪያ መብቷ ያበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው፤ ሌሎች ሁለት መብቶች ገና አልተነኩም። አንደኛው የልጆቹ ነው። በፊቅህ ትንንሽ ልጆችን የመያዝ መብት (ሐዷና) በቅድሚያ የእናት ነው፤ የልጆቹ መኖሪያ ወጪ ደግሞ በአባት ላይ ነው፤ ከሐነፊ ፉቀሃእ ብዙዎቹ አሳዳጊዋ የራሷ ቤት ከሌላት የእርሷም መኖሪያ በአባት ላይ ነው ብለዋል። ሁለተኛው የገንዘቧ ነው። ቦታው ሲገዛ ወርቋን ሸጣ ከጨመረች፣ ወይም ቤቱ ሲሠራ ከደሞዟ ካዋጣች፣ ያዋጣችው የእርሷ ነው።

ሚስት በጥቅምት ወር ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት አመልክታ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። በአንቀጽ 82 መሠረት ከልጆቹ ጋር በዋናው ቤት እንድትቆይ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ልትጠይቅ ትችላለች። በወር የሚገኘው 12,000 ብር ኪራይም የጋራ ገቢ ስለሆነ፣ ማን ሰብስቦ ለምን እንደሚያውለው በትዕዛዙ እንዲካተት መጠየቅ ብልህነት ነው። ብዙ ሰው ስለ ቤቱ ብቻ ጠይቆ ኪራዩን ይረሳል፤ ከዚያ አንዱ ወገን በሌላው ድርሻ ጠበቃ ይቀጥራል። በመጨረሻ ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ቢገመት የእያንዳንዳቸው ድርሻ 3 ሚሊዮን ነው። ለሌላው 3 ሚሊዮን ከፍሎ ማስቀረት የሚችል ከሌለ ቤቱ ይሸጣል፤ ያኔ ሁለቱም ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በፊቅሁ ሠርታ ገንዘብ ያላዋጣች ሚስት ግማሽ ቤት በራሱ አይደርሳትም፤ ባልና ሚስት በሸሪዓ የየራሳቸው ገንዘብ አላቸው። በቤተሰብ ሕጉ ግን እኩል ተካፋይ ናት። ስለዚህ «ማን ይቆያል?» የሚለው ጥያቄ «የት እንዳኝ?» ከሚለው ጋር የተቆራኘ ነው።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት ወረቀት ሲመጣ

በፌዴራል ደረጃ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው። ጋብቻው በእስልምና ሕግ የታሰረ ከሆነ የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የቀለብና የቤተሰብ ጉዳዮችን ያያሉ። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 እንደሚለው የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ ወገን አልፈልግም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

የዚህን ጉዳይ ክብደት ያሳየው የእነ ከድጃ በሽር መዝገብ ነው። ክርክሩ የተነሳው በአንድ ቤት ውርስ ላይ ነበር። እነ ከድጃ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አንፈልግም ብለው ቢቃወሙም ጉዳዩ በዚያው ታይቶ ተወሰነ፤ ይግባኙም እስከ ሰበር ደርሶ አልተለወጠም። በመጨረሻ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ የተሰጠው ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። መልእክቱ ሸሪዓ ፍርድ ቤቱን የሚያሳንስ አይደለም፤ ሥልጣኑ የሚመነጨው ከተከራካሪው ፈቃድ መሆኑን ያጸና ነው።

ከዚህ የሚወጡ ሁለት ተግባራዊ ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራልና ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። «አልሄድም፣ ምን ያመጣሉ» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ሳያውቀው ፈቃዱን ሰጥቷል። መቃወም የሚፈልግ በቀጠሮው ቀን ቀርቦ፣ ወደ ጉዳዩ ዝርዝር ሳይገባ፣ ተቃውሞውን ያስመዝግብ። ሁለተኛ፣ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ሐሳብ ለውጦ ወደ ሌላው ፍርድ ቤት መዞር አይቻልም። ስለዚህ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የዒዳ መኖሪያውን፣ የልጆቹን ቤትና የቤቱን ባለቤትነት እያንዳንዱን በየትኛው በኩል ምን እንደሚገኝ ማወቅ ይገባል።

ቤቱ የራሳቸው ካልሆነስ?

ብዙ የኮልፌ ቤተሰብ የሚኖረው በቀበሌ ቤት ወይም በግለሰብ ኪራይ ነው። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ስለሆነ ተሸጦ የሚካፈል ግማሽ የለውም፤ የሚያከራክረው በኪራይ ውሉ የመቆየት መብት ነው። ውሉ በባል ስም ስለሆነ ብቻ ሚስትና ልጆች መብት የላቸውም ማለት ስህተት ነው፤ በአንቀጽ 82 ትዕዛዝ መጠየቅ ይቻላል። ትዕዛዙን የያዘው ወገን ወረዳው ድረስ ሄዶ በፋይሉ ላይ ማስያያዝ አለበት፤ አለበለዚያ ውሉ ላይ ስሙ ያለው ሰው ብቻውን ፈርሞ ቤቱን ሊያስረክብ ይችላል።

በግለሰብ ኪራይ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ የኪራዩን ገንዘብ በቀለብ ጥያቄው ውስጥ ማስገባት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዝቅተኛው የውል ዘመንም ሁለት ዓመት ነው። የተመዘገበው ውል ለፍርድ ቤቱ የኪራዩን ልክ የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናል።

የራስ ቤት ከሆነ አደጋው ሽያጭ ነው። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን አንዱ ብቻውን መሸጥ አይችልም። ሸጦ ከተገኘ ሌላው ወገን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ አለበት። ሆኖም የተሸጠን ከማስመለስ ይልቅ አቤቱታው በቀረበበት ቀን በካርታው ላይ እግድ ማስጣል ይቀላል።

ሌሎች አገሮች ዒዳውን ከልጆቹ ጋር እንዴት አገናኙት?

ዒዳው ሲያልቅ እናትና ልጆች የት ይሂዱ የሚለው የእኛ ብቻ ጥያቄ አይደለም። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሕግ፣ የፈታ ባል ለልጆቹና ለአሳዳጊያቸው ተስማሚ መኖሪያ እንዲያዘጋጅ አስገድዳለች፤ ካላዘጋጀ እነርሱ በጋብቻው ቤት ይቀጥላሉ። በማሌዥያ የ1984ቱ የፌዴራል ግዛቶች የእስልምና ቤተሰብ ሕግ ደግሞ የተፈታችው ሴት ባል ሌላ ተስማሚ ቤት እስኪያገኝላት በነበረችበት እንድትቆይ ይፈቅዳል፤ መብቱ የሚያበቃውም ዒዳው ወይም የልጆች አጠባበቅ ጊዜው ሲያልቅ፣ ሌላ ስታገባ ወይም ግልጽ ጸያፍ ድርጊት ሲኖር ነው። ሁለቱም የሱረቱ ጦላቅን ትእዛዝ መነሻ አድርገው ጊዜውን በልጆቹ መብት አራዝመዋል።

ይህን በእኛም ሰፈር፣ አዲስ አዋጅ ሳይጠበቅ ማድረግ ይቻላል። ሽማግሌዎች የመለያየት ወረቀት ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ መህርን፣ ወርቅንና የልጆች ቀለብን ይጽፋሉ፤ ቤቱን «ይስማሙበታል» ብለው ያልፉታል። በወረቀቱ ላይ ጦላቁ የተሰጠበት ቀንና ስንተኛ እንደሆነ፣ ዒዳው የሚያልቅበት ግምታዊ ቀን፣ እስከዚያ ማን በየትኛው ክፍል እንደሚኖር፣ የሰርቪሱን ኪራይ ማን እንደሚሰበስብ፣ ከዒዳው በኋላ ልጆቹ የት እንደሚያድሩ፣ ሴቲቱ ለጊዜው ከወጣችም የወጣችበት ምክንያት በአምስት መስመር ይጻፍ። በኋላ በሸሪዓ ፍርድ ቤትም ሆነ በቤተሰብ ችሎት «ራሷ ጥላ ወጣች» የሚለው ክስ ሲነሳ ለዳኛው የሚቀርበው ያ ወረቀት ነው።

ወላሁ አዕለም።